«ተከራዩ አባቴ ናቸው»

የቤት ኪራይ ዋጋ የሚወሰነው በክፍሉ ስፋት፣ በመብራቱና በውኃው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስልክ ቁጥርም ይወሰናል። የሚደውለው ሰው ቁጥር በ09 ሲጀምር አንድ ዋጋ አለ፤ በ+1 ሲጀምር ደግሞ ሌላ። ግድግዳው ያው ጭቃ፣ ጣሪያው ያው ቆርቆሮ ነው። ቁጥሩ ከባሕር ማዶ መሆኑ ሲታወቅ ግን ቤቱ በአንድ ሌሊት «ልጆቼ እንኳ የለመኑኝ ቤት» ይሆናል።

ይህን ያወቅሁት ከሜሪላንድ ሆኜ ለወላጆቼ ደብረ ታቦር ላይ ቤት ስከራይ ነው። አባትና እናቴ የላይ ጋይንት ሰዎች ናቸው። አባቴ በየወሩ ሆስፒታል መታየት ስላለበት ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ መመላለስ ሰለቸው። እህቴ ያለችው ባሕር ዳር ነው፤ «ከእኔ ጋር ኑሩ» ብትል አባቴ «በስተርጅና ቆላ ልታወርጂኝ ነው?» አላት። (ነፋስ መውጫ ላደገ ሰው ሙቀት የሚባል ነገር ሁሉ ቆላ ነው።) ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ ለሆስፒታሉ የቀረበ ቤት መፈለግ ግድ ሆነ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተከራይ» የምትባል። አባቴ የራሱን ቤት በራሱ እጅ ሠርቶ፣ እንግዳ ሲቀበልበት የኖረ ሰው ነው። በሰው ግቢ መኖሩ ሳያንስ ኪራዩን ልጁ እየከፈለለት ሊኖር ነው። «የሰው ጥገኛ» ማለት ለእሱ ይኼው ነው። ስለዚህ ለአከራዩ የምጽፈው ደብዳቤ ሁለት ሥራ ነበረበት። አንደኛው ገንዘቡ በየወሩ ሳይዛነፍ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ አባቴ የቤት አባወራ ሆኖ እንዲገባ ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ባንክም ይሠራዋል። ሁለተኛውን የሚሠራው ውሉና ደብዳቤው ነው።

ቤቱን እህቴ በደላላ አገኘችው። ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ፤ ቆጣሪው ለብቻ፣ ውኃው በፈረቃ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ። ኪራዩ በወር 6,000 ብር። አከራዩ ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እህቴ «ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ እሱ ነው የሚከፍለው» ያለቻቸው ዕለት ግን ሦስት ሐሳብ አቀረቡ። ውሉ በእኔ ስም ይሁን፤ «ገንዘቡ የእሱ አይደል?» ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በባንክ ከማንገላታት ቨርጂኒያ ላለው ልጃቸው እዚያው በዶላር ልስጠው። ሦስተኛ፣ የስድስት ወሩ በአንዴ ይከፈል። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም እንደ ቸርነት ነው የቀረቡት። ሦስቱንም ግን አልተቀበልኩም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳችሁ።

ከውሉ ልጀምር። ውሉ በእኔ ስም ቢሆን የሚፈርመው ማነው? እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እህቴ በእኔ ስም እንድትፈርም ውክልና መላክ አለብኝ። ውክልናው ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ተዘጋጅቶና ማኅተም ተደርጎበት፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ነው የሚሠራው። ለሁለት ክፍል ቤት! አባቴ ግን እዚያው አለ፣ መታወቂያ አለው፣ መፈረምም ይችላል። እሱ ከፈረመ ይኼ ሁሉ ጣጣ የለም። የእኔ ገንዘብ መሆኑም ምንም አያበላሽም፤ ተከራይ አንድ ሰው ሆኖ ገንዘቡን ሌላ ሰው ቢልክለት ውሉ ውል ነው።

ከወረቀቱ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ውሉ ላይ ያለው ስም ማን እንደሚደወልለት ይወስናል። ጣሪያው ሲያፈስ፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ኪራይ ይጨመር ሲባል አከራዩ የሚያናግሩት የፈረመውን ሰው ነው። ስሙ የእኔ ከሆነ ደብረ ታቦር ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔ ዘንድ እኩለ ሌሊት ያለፈ ስልክ ይጮኻል። አባቴ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጦ ስለራሱ ቤት የሚባለውን ከሦስተኛ ሰው ይሰማል። «ውጡ» ቢባልም ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለእኔ እንጂ ቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው የቨርጂኒያው መንገድ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ ይህቺን ታውቋታላችሁ። እኔ እዚህ ለልጃቸው ዶላር እሰጣለሁ፣ እሳቸው እዚያ «ደረሰኝ» ይላሉ፣ ባንክ አያውቀውም። የባንክ ኮሚሽን የለም፣ ሰልፍ የለም። ግን አባቴ በእጁ ምን ይቀራል? ከስድስት ወር በኋላ «የታኅሣሥ ኪራይ አልደረሰኝም» ቢባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ለአባቱ መናገር ቢረሳ ጠቡ የሚነሳው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ያውም ሁለቱ ሽማግሎች ባላዩት ገንዘብ።

የዶላሩ ነገር ደግሞ ሒሳብ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ማለትም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ አስቀድሞ፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ «በወር 100 ዶላር» ብሎ የተዋዋለ ሰው 5,700 ብር ይከፍል ነበር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ140 ብር ብናሰላው ያው 100 ዶላር 14,000 ብር ይሆናል። ቤቱ አልተለወጠም፣ የጎረቤቱ ኪራይም በእጥፍ አላደገም፤ የእኔ አባት ግን በሰፈሩ ውዱን ኪራይ የሚከፍል ሰው ይሆን ነበር። በተቃራኒው ውሉ በብር ሲሆን 6,000 ብር በ140 ሒሳብ 43 ዶላር ገደማ ነው። አከራዩ ኑሮ ተወደደ ብለው ቢጨምሩ የሚጨምሩት እንደ ከተማው እንጂ እንደ ዶላሩ አይደለም። ስለዚህ ውሉ በብር፣ ክፍያውም በብር፤ ዶላር የሚባለው ነገር በእኔና በባንኩ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ይሁን።

ሦስተኛው የስድስት ወር ቅድሚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብና ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸምም ያዛል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ እህቴ ከመፈረሟ በፊት የከተማውን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቃለች። እኔ ግን ለአከራዩ ሕግ ጠቅሼ መጻፍ አልፈለግሁም። በመጀመሪያ ደብዳቤ አዋጅ የሚጠቅስ ተከራይ በሁለተኛው ደብዳቤ ክስ የሚያመጣ ይመስላል። የሁለት ወር ቅድሚያውን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ስምምነት አቀረብኩት።

እንግዲህ ደብዳቤው ይኸው። (ስማቸውን ትቼዋለሁ፤ ደግሞ ጎረቤት አንብቦ ኪራይ እንዳይጨምር።)

«ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፦ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እህቴ ቤትዎን አይታ ወዳዋለች፤ ወላጆቼን በግቢዎ ለመቀበል ፈቃደኛ በመሆንዎ አመሰግናለሁ።

ተከራዩ አባቴ ናቸው። ውሉን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ቤቱ የሚነሳ ነገር ሁሉ የሚያልቀውም በእርስዎና በእሳቸው መካከል ነው። እኔ ልጃቸው ኪራዩን ለማገዝ ገንዘብ እልክላቸዋለሁ። አባቴ በማንኛውም ምክንያት መክፈል ቢያቅታቸው እኔ እንደምከፍል በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ።

ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው። ሲገቡ የሁለት ወር ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በገባ እስከ 5ኛው ቀን፣ ከአባቴ የባንክ ሒሳብ ወደ እርስዎ ወደሚነግሩን ሒሳብ ይተላለፋል። የጳጉሜ ቀናት ከነሐሴ ጋር ይቆጠራሉ። ባንክ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ክፍያው ቢዘገይ እስከ አንድ ወር እንዲታገሡን እለምናለሁ።

ቨርጂኒያ ላለው ልጅዎ በዚህ በኩል እንድሰጥ ያሰቡልኝ ለእኔ መቅለል ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አባቴ በየወሩ የከፈሉበትን ወረቀት በእጃቸው ማየት ይፈልጋሉ፤ የድሮ ሰው ናቸው።

በመጨረሻ፣ ወላጆቼ ከገጠር እንግዳ ይመጣባቸዋል። ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ውኃው በሰው ቁጥር የሚከፈል ከሆነ እንዴት እንደሚታሰብ ከአባቴ ጋር ይነጋገሩበት። አክባሪዎ።»

ደብዳቤው ውስጥ አንድ ብልጠት ካለ «የድሮ ሰው ናቸው» የምትለዋ ናት። አከራዩም የድሮ ሰው ናቸው፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ያከብራሉ። ዋስትናዋም ሆን ተብላ የገባች ናት። አከራይ «አሜሪካ ያለው ልጅ» ሲል የሚፈልገው ነገር ኪራዩ እንደማይቀርበት መተማመን ነው። ያንን ስትሰጡት ውሉ በማን ስም ሆነ ብሎ አይከራከርም። የእኔም ስም ውሉ ላይ የገባው በዋስነት ብቻ ነው።

አሁን ገንዘቡ ወደሚሄድበት መንገድ ልምጣ፤ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው እንቅፋት ስም ነው። አባቴ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደብተር አለው፤ ስሙ ግን በባንኩ የተመዘገበው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «የሺዋስ» የሚለውን ስም ውሰዱ። አንዱ ጸሐፊ `Yeshiwas` ይለዋል፣ ሌላው `Yeshewas`፣ ሦስተኛው `Yeshiwase`። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ለባንክ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ «በትክክል» ብዬ የጻፍኩት ስም ደብተሩ ላይ ካለው ከተለየ ገንዘቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይም ከቀናት በኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እህቴ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ የአባትንና የአያትን ስም ጨምሮ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። የሒሳብ ቁጥሩም `1000` ብሎ የሚጀምር 13 አኃዝ መሆኑን ቆጠርኩ። መጀመሪያ 10 ዶላር ብቻ ላኩ። አባቴ ቅርንጫፉ ሄዶ «ገብቷል» ሲለኝ ነው ዋናውን የላክሁት።

ሁለተኛው ስም የአከራዩ ነው። እህቴ የይዞታ ካርታውን አይታለች፤ በእሳቸው ስም ነው። ለክፍያ የሰጡን ሒሳብ ግን በባለቤታቸው ስም ነበር። ይኼ የተለመደ ነው፤ ክፋትም የለውም። ነገር ግን በቤቱ ላይ ወራሽ ቢነሳ ወይም ባልና ሚስት ቢጣሉ «ለእኔ አልከፈልክም» የሚል ነገር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨመረች። «በዚህ ቁጥር በባለቤቴ ስም ወደሚገኘው ሒሳብ የገባ ኪራይ ለእኔ እንደተከፈለ ይቆጠራል» የምትል። ካርታው ላይ፣ ውሉ ላይና ሒሳቡ ላይ ያሉት ስሞች አንድ ካልሆኑ እንዲህ የምታስታርቅ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ደመወዝ የምቀበለው በፈረንጅ ወር መጨረሻ ነው፤ ኪራዩ የሚከፈለው በእኛ ወር መጀመሪያ። ይኼ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን የተመቸ ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ላይ ዋለ፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ። ዓመቱን ሙሉ ብትቆጥሩት የእኛ ወር አንድ የሚውለው በፈረንጆቹ ከ7 እስከ 11 ባለው ውስጥ ነው። በጣም የሚጠበው ነሐሴ 1 ነው፣ ኦገስት 7 ላይ። ስለዚህ በፈረንጆቹ ወር አንድ ላይ የላክሁት ገንዘብ ቢያንስ ስድስት ቀን ይተርፈዋል፤ በውሉ ላይ ያለችው የአምስት ቀን ፋታ ስትጨመር ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ቢደራረቡም ይደርሳል። ስልክም ሲላክ የሚሞላው የዶላሩ ቦታ ላይ ሳይሆን «ተቀባዩ የሚደርሰው» የሚለው ላይ ነው። 43 ዶላር ብዬ ብልክ ምንዛሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር 5,900 ወይም 6,100 ይደርሳል፤ 6,000 ብር ብዬ ስልክ ግን የሚለዋወጠው የእኔ ዶላር ነው።

አራተኛው ኔትወርክ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያኔ ብዙ ሰው ያወቀው ነገር ቢኖር የባንክ አፕ ብቻ ይዞ መቀመጥ እንደማያዋጣ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር የስልክ መስመር ብቻ ካለ `*889#` ለንግድ ባንክ፣ `*127#` ለቴሌብር ይሠራሉ። መስመሩም ከጠፋ ቅርንጫፉ ራሱ «ሲስተም የለም» ይላል። ለዚያ ቀን የሚያገለግለው ቴክኖሎጂ አይደለም፤ አስቀድሞ የተከፈለው የሁለት ወር ኪራይና ደብዳቤው ላይ ያለችው የአንድ ወር ትዕግሥት ናቸው።

«ለምን በቀጥታ ለአከራዩ ሒሳብ አትልክም? አንድ እርምጃ ይቀንሳል» ያሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። የሚቀንሰው እርምጃ ግን አባቴ ነው። አሁን አባቴ ወሩ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ባንክ ይሄዳል። ከራሱ ሒሳብ ወደ አከራዩ ያስተላልፋል፤ `FT` ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ያለበትን ደረሰኝ ተቀብሎ ጥራዝ ውስጥ ያስገባል። የስልክ ስክሪን ፎቶ በቀላሉ ስለሚቀናበር አከራዩም የሚያምኑት እሱን ሳይሆን የባለቤታቸው ስልክ ላይ የሚገባውን የባንክ መልእክት ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱ ማስረጃ አለው፤ ማንም ማንን በቃል ብቻ አይለምንም።

አደጋ የለውም አልልም። ሒሳቡ ውስጥ ብር ያለው ሰው ዘመዱ ይበዛል፤ አባቴም «የለኝም» ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ለዚህ ብዬ የምልከው የአንድ ወር የአንድ ወሩን ነው። የሦስት ወር በአንዴ ብልክ የማስተላለፊያ ክፍያው ይቀንስልኝ ነበር። ግን በሁለተኛው ወር የአጎቴ ልጅ በሬ መግዣ ይሆናል።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አከራዩ በዚያው በ+1 ደወሉልኝ። ከጋይንት የመጣው እንግዳ ሳምንት ስለቆየ የሮቶው ውኃ ሳይደርስ አለቀ። በጣም በትሕትና ነው የተናገሩት። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን እሱን ነገር ለተከራዩ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። በነጋታው እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ አባቴ አንድ ቦቴ ውኃ በራሱ ወጪ ሊያስገባ፣ አከራዩም በክረምት የሮቶውን ነገር ላይቆጥሩ ተስማሙ። እኔ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ወሬ።